31ኛው ሄክሳግራም ገና በጅምር ላለ ፍቅር ሲወጣ ምን ማለት ነው?

ናንጂንግ_ተማሪ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። እዚህ ቻይና ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ የአያቷን ኢ ቺንግ፣ የጥንቱን የቻይና የምልክት መጽሐፍ፣ ይዛ ነው የመጣችው፣ ሳንቲም እየወረወሩ ባለ ስድስት መስመር ምልክት፣ ሄክሳግራም የሚሉትን፣ ማውጣቱንም እሷ ናት ያስተማረችኝ። እኔ ደሞ አንድ ልጅ አለ፣ አበሻ ነው፣ ሻንጋይ የሚሰራ፣ እንቁጣጣሽ ላይ ተማሪዎቹ ባዘጋጁት ዝግጅት ተዋወቅን ከዛ ወዲህ በዊቻት እንፃፃፋለን። ምንም የተባባልነው ነገር የለም ግን የሆነ ነገር እንዳለ ሁለታችንም የምናውቅ ይመስለኛል። "ከዚህ ልጅ ጋር የጀመርነውን ነገር እንዴት ልያዘው" ብዬ ጠይቄ ወረወርኩ፣ ከታች ወደ ላይ 8፣ 6፣ 7፣ 9፣ 7፣ 8 ወጣ። ጓደኛዬ 31 ነው ሺየን ይባላል፣ መተሳሰብ፣ ፍቅር መጠየቅ ምናምን ነው ብላ ሳቅ አለችና እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ ከዛ ግን ሁለተኛውን መስመር ስታነብ ዝም አለች። እንግሊዝኛዋም የኔም ቻይንኛ አልደረሰልንም። የሚያውቅ ካለ ረጋ ብሎ ያስረዳኝ።

ማሂ_ዲሲ
ውዴ እንኳን ደስ አለሽ!!! 31 እኮ ለፍቅር ከሚወጡት ሁሉ አንደኛው ነው። ዋናው ፍርዱ ላይ በግልጽ "ይሳካል፣ መጽናት ይጠቅማል፣ ልጃገረድ ማግባት መልካም ነው" ይላል። ታችኛው ክፍል ተራራ ነው ትንሹ ወንድ ልጅ፣ ላይኛው ሐይቅ ነው ትንሿ ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ወጣት ናቸው ይሳሳባሉ። 6ቱና 9ኙ ተለዋዋጭ መስመሮች ናቸው፣ ስትቀይሪያቸው ደሞ 48 ይሆናል፣ የውሃ ጉድጓዱ ማለት ነው፣ ከተማው ቢነሳ ጉድጓዱ አይነሳም ይላል። መጨረሻሽ የማይናወጥ ትዳር ነው ማለት ነው። በቃ ልጁ ያንቺ ነው፣ ሻንጋይ ሂጂና አግኚው።

ቃልኪዳን_ዘአራዳ
እህቴ በቅንነት ነው የምነግርሽ ይሄ ጥንቆላ ነው። ባል የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው እንጂ ሳንቲም አይደለም። ንስሐ አባትሽን በስልክም ቢሆን አግኝተሽ ብታማክሪ ይሻልሻል። ማንም እንዳይከፋው፣ ስለማስብልሽ ነው።

ናንጂንግ_ተማሪ
ቃልዬ አመሰግናለሁ ከልብሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ እንደ አምላክ ቃል አልያዝኩትም፣ ምን እንደሚል መረዳት ነው የፈለግኩት። ማሂዬ አንቺ ያልሽውን ጓደኛዬም ብላኛለች፣ ግን ሁለተኛው መስመር ለምን አስደነገጣት? ባት የሚል ነገር አለው፣ የእግር ባት።

ተራራና_ሐይቅ
ልጄ፣ እኔ ቻይና ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ ይሄንን መጽሐፍም ከዛን ጊዜ ጀምሮ አነበዋለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ማሂ ያለችው ግማሹ ልክ ነው። ፍርዱ እንዳለችው ነው፣ ተራራውና ሐይቁም ልክ ነው። ግን አቀማመጡን አስተውይ። ወንድ የሚባለው ተራራው ከታች ነው ያለው፣ ሴት የምትባለው ሐይቁ ከላይ ናት። በዛ ዘመን የቻይና ሥርዓት ወንድ ከላይ ነው የሚባለው፣ ፍቅር ሲጀመር ግን ይገለበጣል፣ ጠያቂው ዝቅ ይላል። የጥንቱ የሠርግ ሥርዓታቸውም ይሄንኑ ይሠራ ነበር። ሙሽራው ራሱ እሷ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ሠረገላዋን ራሱ ይዞ መውጫውን ገመድ በእጁ ያቀብላታል፣ መንኮራኩሩ ሦስት ዙር እስኪዞር ነድቶላት ከዛ ለነጂው ያስረክባል። የሷ ሎሌ የሆነ ያህል ነው ለዛች ቅጽበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሹንዚ የሚባለው ሊቅ ስለዚህ ሄክሳግራም ሲናገር ይሄንኑ ነው የሚያነሳው፣ ከፍ ያለው ዝቅ ካለው በታች መሆኑን፣ ወንዱ ከሴቷ በታች መሆኑን። (ለቃልኪዳን ደግሞ፣ እዛው ጽሑፍ ውስጥ ይኸው ሹንዚ መጽሐፉን በደንብ የሚያውቅ ሰው አይጠነቁልበትም ይላል። ስለዚህ ያንቺ ሐሳብ እነሱም ጋ ነበረ።)

ሁለተኛው ነገር፣ ተራራ ማለት መቆም ነው፣ ሐይቅ ማለት ደስታ ነው። ውስጥሽ የቆመ፣ ውጭሽ ደስ ያለው ማለት ነው። ስቦ የሚያመጣው ጉጉቱ ሳይሆን ጉጉቱን የያዘው መረጋጋት ነው። አሁን ወደ መስመሮችሽ ስንመጣ ሁለቱም ስለዚሁ ነው የሚያወሩት። ትንሽ ሥራ ይዞኛል ማታ እመለሳለሁ።

ነጋዴው_ጓንጁ
31 ለኔ ገዷም አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ላለች ልጅ ብዬ ጓንጁ የሚኖር አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ አስጥዬ 31 ወጣ፣ ላይኛው መስመር ብቻ ተለዋዋጭ ሆኖ። መንጋጋ ጉንጭ ምላስ የሚል ነው። ሲቀየር 33 ሆነ፣ ማፈግፈግ። እኔ ለልጅቱ በየቀኑ ቮይስ እልክላት ነበር፣ ረጃጅም፣ ቤት እንሠራለን ሱቅ እንከፍታለን እያልኩ፣ ኮንቴይነር ሲደርስ እመጣለሁ እያልኩ። ከዛ ቀስ በቀስ መልሷ አጠረ፣ ከዛ ቆመ። ስለዚህ እህቴ 31 ሲወጣ ተጠንቀቂ ነው የምልሽ።

ዳዊት_ቴልአቪቭ
እኔ ከገባኝ ሁለት ተለዋዋጭ መስመር ሲወጣ ያደናግራል፣ ለምን ድጋሚ አትወረውሪም? አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሪውና የጠራውን ትወስጃለሽ። ደሞ 31 የወሩ ቀን ነው እንዴ ወይስ ምንድነው?

ተራራና_ሐይቅ
ተመለስኩ። መጀመሪያ ዳዊት፣ ቀን አይደለም፣ መጽሐፉ 64 ምልክቶች አሉት፣ ይሄ ሠላሳ አንደኛው ነው። መጽሐፉ ለሁለት ሲከፈል የመጀመሪያው ክፍል 30 ላይ ያበቃል፣ ሁለተኛው ክፍል በዚህ ምልክት ነው የሚጀምረው፣ የመጀመሪያው ከሰማይና ከምድር እንደሚነሳ ይሄኛው ከወንድና ከሴት ይነሳል። ድጋሚ መወርወሩን ግን አልመክርም። አራተኛው ሄክሳግራም ራሱ ለመጀመሪያው ጥያቄ እመልሳለሁ፣ ሁለቴ ሦስቴ ቢደጋገም ግን መዳፈር ነውና አልመልስም ይላል። ደግሞም በሳንቲም እያንዳንዱ መስመር ተለዋዋጭ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፣ ስድስት መስመር ስላለ አንድም ሁለትም መውጣት የተለመደ ነው፣ ምንም የሚያደናግር ነገር የለውም።

ለነጋዴው፣ ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ግን ስድስተኛው መስመር ላይ ክፉም ደግም የሚል ቃል የለም። "መሳቡ በመንጋጋ በጉንጭ በምላስ ነው" ብሎ ዝም ይላል። ነገሩ አፍ ላይ መሆኑን ነው የነገረህ። ምልክቱ አላባረራትም፣ አንተ ራስህ የጻፍከው ታሪክ ላይ ቮይሱ ነው ያለው።

አሁን ልጄ ያንቺ። ይሄ ምልክት ከእግር ጀምሮ በሰውነት ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። አንደኛው መስመር የእግር አውራ ጣት፣ ሁለተኛው ባት፣ ሦስተኛው ጭን፣ አራተኛው ላይ የአካል ስም የለም ቦታው ግን ልብ ነው፣ አምስተኛው ማጅራት አካባቢ፣ ስድስተኛው አፍ። የፍቅር ስሜት ሰው ውስጥ የት ድረስ እንደደረሰ ነው የሚናገረው። አውራ ጣት ላይ ሲሆን ማንም አያየውም፣ ሐሳብ ብቻ ነው። ባት ላይ ሲደርስ ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ባት በራሱ አይወስንም፣ እግር ሲንቀሳቀስ አብሮ ነው የሚሄደው። ያንቺ ሁለተኛ መስመር "መሳቡ በባት ነው፣ ክፉ ነው፣ ባሉበት መቆየት መልካም ነው" ይላል። ጓደኛሽን ያስደነገጣት ክፉ የሚለው ቃል ነው። ግን እዛው ላይ መውጫውን ሰጥቶሻል፣ ቁጭ በይ ነው የሚለው። ክፉ የሚሆነው ሳትጠሪ ስትነሺ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለመሄድ አስበሽ ነበር?

ናንጂንግ_ተማሪ
ጋሼ እንዴት አወቁ? የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሱ ሳልነግረው ሻንጋይ ልሄድ ትኬቱን እያየሁ ነበር፣ በፈጣኑ ባቡር ሩቅ አይደለም። ሥራው አካባቢ ደርሼ "እዚህ ነኝ ቡና እንጠጣ" ልለው ነበር ሐሳቤ። ሌላም ልንገራችሁ ካወራሁ አይቀር፣ ዊቻት ሞመንትስ ላይ ፎቶ ስለጥፍ እሱ ብቻ እንዲያየው አድርጌ ነው የምለጥፈው፣ ለሁሉም የለጠፍኩት እንዲመስለው። ከዛ ላይክ እስኪያደርግ ስልኬን አላስቀምጥም። ትምህርቴም ላይ እንደዛው፣ ክላስ ቁጭ ብዬ ለሱ የምጽፈውን ሜሴጅ ስጽፍ ስሰርዝ ነው የምውለው።

ተራራና_ሐይቅ
አላወቅኩም ልጄ፣ መስመሩ ነው የሚጠይቀው። ባት ሲል ሁልጊዜ ለመነሳት የተዘጋጀ ነገር አለ ወይ ብለሽ መጠየቅ ነው።

አሁን የነገርሽን ደግሞ በቀጥታ አራተኛው መስመር ነው። እሱ ሲጀምር ደግ ነው፣ "መጽናት መልካም ነው፣ ጸጸቱ ይጠፋል" ይላል። ከዛ ይቀጥልና "ሐሳብሽ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ፣ ያሰብሻቸው ወዳጆች ብቻ ይከተሉሻል" ይላል። ብዙ ሰው ይሄን የተስፋ ቃል ይመስለዋል፣ ያሰብኩት ሰው ይከተለኛል ብሎ። እኔ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የማነበው። ልብ ሲረጋ የሚስበው ሰፊ ነው፣ ማንን ልሳብ ብሎ አይመርጥም። አንድ ሰው ላይ አነጣጥሮ ወዲያ ወዲህ ሲል ግን ጉልበቱ እዛች ያነጣጠረባት ነጥብ ላይ ያልቃል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ ፎቶ ለሁሉም እንደተለጠፈ አድርጎ ማሳየት፣ ይኸው መስመሩ ማለት ነው። ላይክ ያደርግልሻል፣ ይከተልሻልም፣ ግን የሚከተለው ያንን ያዘጋጀሽለትን ፎቶ ነው።

አንድ ተለዋዋጭ መስመር ሲኖር እሱን ብቻ ማንበብ ነው፣ ሁለት ሲሆኑ ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዡ ሺ የሰጠው ደንብ ሁለቱንም አንብብ፣ የላይኛው ይበልጣል የሚል ነው። እኔም በሱ ነው የምሄደው። ስለዚህ ያንቺ ዋናው አራተኛው ነው፣ ሁለተኛው የሚደግፈው ነው። ባትሽ እንዲቆም ልብሽ ይርጋ፣ ከቅዳሜው ትኬት ይልቅ የሞመንትሱ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል።

ማሂ_ዲሲ
እሺ ግን ጋሼ 48ስ? መጨረሻው እሱ አይደል? ጉድጓዱ አይነሳም ይላል እኮ፣ ያንን ደሞ እኔ አልፈጠርኩትም።

ተራራና_ሐይቅ
ይላል፣ ልክ ነሽ። ግን ቀጥሎ ያለውን አላነበብሽላትም። ገመዱ ውሃው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካጠረ፣ ወይም እንስራው ከተሰበረ፣ ክፉ ነው ይላል። ውሃው አለ፣ ማንም አያጠፋውም፣ መቅጃው ነው የሚያሰጋው። መስመሮቹ ተቀይረው የሚወጣውን ሄክሳግራም ብዙዎች እንደ መጨረሻ ውጤት ያዩታል፣ እኔ ግን ነገሩ እየሄደበት ያለ አቅጣጫ ነው ብዬ ነው የማየው። እና በሷ ጥያቄ ላይ ሲመጣ፣ እንዴት ልያዘው ላለችው፣ ገመዱን አታሳጥሪው እንስራውን አታጋጪው የሚል ነው የሚመስለኝ። ያገባኛል ወይ ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ንባቡም ሌላ ይሆን ነበር። እሱ ምን እንደሚያስብ ደግሞ ይሄ አይነግርሽም፣ ልጁን ጠይቆ ከማወቅ ሌላ መንገድ የለም።

ሄኖክ_በርሊን
ጋሼ ሁሉንም በደንብ ነው ያብራሩት፣ አንድ ነገር ግን ዘለውታል። የ31ን የውስጥ መስመሮች ብታወጡ፣ ከሁለት እስከ አራት ያለውን አንድ፣ ከሦስት እስከ አምስት ያለውን አንድ አድርጋችሁ ብትደራርቡት 44 ነው የሚወጣው። 44 ደግሞ "ሴቷ ብርቱ ናት፣ እንደዚህ ያለችዋን አታግባ" ነው የሚለው። ውጭው አግባ ይላል ውስጡ አታግባ ይላል። ይሄንን ሳይነግሯት ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ተራራና_ሐይቅ
ሄኖክ ስሌትህ ትክክል ነው፣ 44 ነው። ግን እሱ የሁሉም 31 ውስጥ ነው፣ ማንም ያውጣው መቼም ያውጣው አለ። ስለዚህ ለሷ ለብቻዋ የመጣ ማስጠንቀቂያ አድርጌ አልወስደውም። ዘዴውንም የሃን ዘመን ሊቃውንት ናቸው በሰፊው የተጠቀሙበት፣ የፍርዱ ቃል ላይ የለም።

ሄኖክ_በርሊን
የሁሉም ውስጥ መሆኑ እኮ ነው የኔ ነጥብ። ማንኛውም መሳሳብ ውስጥ ያልታሰበ፣ ከቁጥጥር የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው፣ ለዛ ነው ምልክቱ ቁም ቁም የሚለው። 44ን ካላየህ ለምን ተራራ ከታች እንዳስፈለገ አይገባህም።

ተራራና_ሐይቅ
እንደዛ ስትለው ደስ ይላል፣ አስብበታለሁ። ለሴት ልጅ "አታግባት" የሚለውን አውጥቶ መስጠቱ ላይ ግን አሁንም አልስማማም።

ሐና_ሪያድ
እኔ የማላምንበት ሌላ ነው። ሁላችሁም ቁጭ በይ ቁጭ በይ አላችኋት። ፍርዱ ልጃገረድ ማግባት ነው የሚለው፣ ለወንድ ነው የተነገረው። እሷ ሴት ናት፣ ሐይቁ ናት፣ ከላይ ናት። ተራራው እሱ ነው። ዝቅ ብሎ መምጣት ያለበት እሱ ከሆነ ሁለተኛው መስመር ተራራው ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቁም የተባለው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም ማለት ይቻላል። እኛ ሀገርም ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው፣ ሴቷ አትሄድም፣ እዚህ ግን ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ማን ይጀምር?

ተራራና_ሐይቅ
ሐና ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በዚህ ላይ አንባቢዎች አይስማሙም። አንዳንዱ አንቺ እንዳልሽው ጾታውን ይዞ ነው የሚያነበው። እኔ ግን ቦታውን ነው የማየው፣ ጠያቂው ማነው፣ ለመሄድ የተነሳው ማነው። እዚህ ለመሄድ የተነሳችው እሷ ናት ስለዚህ ተራራው እሷ ናት፣ እሱ ቢሆን ኖሮ ለሱም ይኸንኑ ነበር የምለው። ተለዋዋጭ መስመር ደግሞ ለወረወረው ሰው ነው የሚናገረው፣ እዚህ ለሌለ ሰው መልእክት አያስተላልፍም። ማን ይጀምር ላልሽው መስመሮቹ ራሳቸው የሚሰጡት ነገር አለ። በዚህ ምልክት ውስጥ ከታችኛው ክፍል እያንዳንዱ መስመር ከላይኛው ክፍል ጥንድ አለው፣ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ እና ሦስቱም ጥንዶች አንዱ ሙሉ መስመር አንዱ የተቆረጠ ነው፣ ይመላለሳሉ። ይሄ በሁሉም ሄክሳግራም የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው አምስተኛውን ነው፣ ጥሪው ከዛ እንዲመጣ። ዝም ብላ ትቀመጥ አላልኩም፣ ሲጽፍ ትመልስ፣ ሲደውል ታንሳ፣ የምትፈልገውን ትናገር። ሳይጠራ መሄዱን ነው ያልኩት።

ሐና_ሪያድ
ይሄ ለወንዱ በጣም ያመቻል ጋሼ። እሱስ እንዲሁ ተቀምጦ አምስተኛውን እየጠበቀ ቢሆንስ?

ናንጂንግ_ተማሪ
ሐናዬ እኔም እሱን ነበር ልጠይቅ። ግን እንግዲህ ቅዳሜ አልሄድም፣ ትኬቱን አልቆረጥኩም። ሞመንትሱን ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ፣ መጀመሪያ ላይክ ያደረገችው እናቴ ናት። ጋሼ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቆይ የሚለው እስከመቼ ነው? ጓደኛዬ መስመሮቹን በወር የሚቆጥሩ አሉ ብላኛለች።

ተራራና_ሐይቅ
የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ አልቆጥርም፣ ቃሉ ላይ ጊዜ የለም። እኔ የማየው እሱ ራሱ ተነስቶ አንድ ነገር ማድረጉን ነው። ናንጂንግ እመጣለሁ ካለ፣ ወይ ነይ ካለሽ፣ የባቱ ነገር አለቀ ማለት ነው፣ ያኔ ሂጂ። ለረጅም ጊዜ ምንም ካላለ ግን ሐና ያለችውን አትርሺ፣ ምን እንደሚያስብ በግልጽ ጠይቂው፣ መጠየቅ መሄድ አይደለም።

ነጋዴው_ጓንጁ
ጋሼ ለኔም አንድ ነገር ይበሉኝ እስቲ፣ አሁን ለልጅቱ ድጋሚ ብጽፍላት 33 ማፈግፈግ ስለሆነ አይሆንም ማለት ነው?

ተራራና_ሐይቅ
አንድ አጭር ነገር ጻፍላት፣ ቮይስ አይደለም። ይቅርታ ካለህ ይቅርታ በላት፣ ቤትና ሱቅ አታንሳ። ከዛ መልሱን ለሷ ተውላት።

ዳዊት_ቴልአቪቭ
እኔ ደሞ ቅድም ወርውሬ 54 ወጣልኝ፣ እሱም ስለ ጋብቻ ነው አሉ፣ የሚያውቅ አለ?

ሄኖክ_በርሊን
ዳዊት ለሱ ሌላ ክር ክፈትና ጥያቄህን በትክክል ጻፈው፣ 54 ብዙ ያስወራል፣ እዚህ ከቀላቀልነው የልጅቱ ይጠፋል።